ቦንዱ በ900 ብር ይሸጣል፤ አንዳችን 11.76 አልን፣ አንዳችን 12.16፤ ይልዱ የቱ ነው?

ሰላማዊት_ፋይናንስ

ሰላም ለሁላችሁ። የፋይናንስ ተማሪ ነኝ። አብሮኝ ከሚያጠናው ከናሆም ጋር አንድ ጥያቄ ላይ አልተስማማንም።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። የፊት ዋጋው 1,000 ብር የሆነ ቦንድ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይከፍላል። ወለዱ በየዓመቱ መጨረሻ አንዴ ነው የሚከፈለው። የቀረው ዕድሜ 5 ዓመት ነው። አሁን ገበያ ላይ በ900 ብር ይሸጣል። ዛሬ ገዝቶ እስከ መክፈያው ቀን ለሚይዝ ሰው ይልዱ ስንት ነው?

ፈተና ላይ የሚፈቀደው ተራ ካልኩሌተርና የአሁን ዋጋ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ሁለታችንም በሙከራና በኢንተርፖሌሽን፣ ማለትም ሁለት መጠኖችን ሞክረን መሀላቸውን በማከፋፈል፣ ነው የሠራነው። እኔ 11 እና 12 በመቶን ሞክሬ 11.76 አገኘሁ። ናሆም ደግሞ 8 እና 16ን ሞክሮ 12.16 አገኘ። የሁለታችንንም ስሌት መስመር በመስመር አይተነዋል፤ የመደመርም የማካፈልም ስህተት አላገኘንበትም። ታዲያ አንድ ቦንድ እንዴት ሁለት ይልድ ይኖረዋል?

ጌች_ሒሳብ

ሰሊ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? አቋራጭ አለ እኮ። በየዓመቱ 90 ብር ወለድ ታገኛለሽ። በዚያ ላይ በ900 የገዛሽው በመጨረሻ 1,000 ሆኖ ይመለስልሻል። ትርፉ 100 ብር ነው፤ ለ5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 20። ድምሩ 110 ይሆናል። ይህን ለ900 እና ለ1,000 አማካይ፣ ማለትም ለ950 አካፍዪው። 11.58 በመቶ። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። ሁለታችሁም ከፍ አድርጋችሁታል።

አያልነህ_ትሬዠሪ

ሰላማዊት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦንዱ አንድ ይልድ ብቻ ነው ያለው። ሦስት ቁጥሮች ቀርበዋልና ከሦስቱ የቱ ልክ እንደሆነ የሚፈርድልን ዋጋው ራሱ ነው።

ይልድ ማለት ወደፊት የሚመጡትን ክፍያዎች በሙሉ ወደ ዛሬ ስትመልሻቸው ድምራቸውን ልክ 900 ብር የሚያደርገው መጠን ነው። ስለዚህ ማንኛውንም መልስ መልሰሽ ወደ ስሌቱ አስገቢው። በ11.58 በመቶ ዋጋው 906 ብር ይወጣል። በ12.16 በመቶ 886 ብር ከ54 ሳንቲም። በ11.76 ደግሞ 899 ብር ከ91 ሳንቲም። ያንቺ ዘጠኝ ሳንቲም ብቻ ነው የጎደለው። ስለዚህ ያንቺ ነው የሚቀርበው።

ጌች፣ ያንተ አቋራጭ ከንቱ አይደለም፤ ግን መልስ ሳይሆን መነሻ ነው። የ100 ብሩን ትርፍ በየዓመቱ 20 ብር እየተከፈለ እንደሚመጣ አድርገህ ነው የቆጠርከው። እውነቱ ግን 100ው አንድ ላይ፣ በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ነው የሚመጣው። 11.58 ግን አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፦ መሞከር ያለብን 11 እና 12ን ነው።

ሰላማዊት፣ አንቺም እንዲህ ነው የሠራሽው ብዬ እገምታለሁ። በ11 በመቶ የአምስት ዓመት የአኑዩቲ ቁጥሩ፣ ማለትም ለአምስት ዓመት በየዓመቱ የሚከፈል 1 ብር ዛሬ የሚያወጣው፣ 3.6959 ነው። በ90 ሲባዛ 332.63። የ1,000 ብሩ የአሁን ዋጋ 593.45። ድምር 926.08። ይህ ከ900 ይበልጣል፤ ስለዚህ መጠኑ ከፍ ማለት አለበት። በ12 በመቶ ወለዱ 324.43፣ ዋናው 567.43፣ ድምር 891.86። አሁን ደግሞ ከ900 አነሰ። መልሱ በሁለቱ መሀል ተይዟል።

ከ11 ወደ 12 ስንሄድ ዋጋው 34.22 ብር ወረደ። እኛ የምንፈልገው 26.08 ብር ብቻ እንዲወርድ ነው። 26.08 ለ34.22 ሲካፈል 0.76። ስለዚህ 11 ላይ 0.76 ጨምሪ። 11.76።

ናሆም_መ

ጋሽ አያልነህ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን አልተዋጠልኝም። መምህራችን ያሉን «አንዱ ከዋጋው በላይ፣ ሌላው ከዋጋው በታች የሚሰጥ መጠን ምረጡ» ነው። 8 በመቶ 1,039.93 ይሰጣል፣ 16 በመቶ 770.80 ይሰጣል። 900 በመሀላቸው ነው። ደንቡን ጠብቄአለሁ። ታዲያ የኔ ለምን ራቀ?

አያልነህ_ትሬዠሪ

ናሆም፣ ደንቡን ጠብቀሃል። ደንቡ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ «ሁለቱ መጠኖች ይቀራረቡ» የሚለው ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ።

መጠኑ ከ9 ወደ 10 ሲሄድ የዚህ ቦንድ ዋጋ 37.91 ብር ይወርዳል። ከ10 ወደ 11 ሲሄድ 36.01። ከ11 ወደ 12 ሲሄድ 34.22። ልብ በል፣ እያንዳንዱ አንድ በመቶ ከቀዳሚው ያነሰ ነው የሚያወርደው። ኢንተርፖሌሽን ግን ይህን አያውቅም። እያንዳንዱ አንድ በመቶ እኩል እንደሚያወርድ ቆጥሮ ነው የሚያከፋፍለው። አንተ ከ8 እስከ 16 ያለውን 269.13 ብር ለስምንት እኩል አካፈልከው፤ ለእያንዳንዱ በመቶ 33.64 ደረሰው። እውነተኛው ዋጋ ግን መጀመሪያ ላይ ከዚያ በፍጥነት ነው የሚወርደው። ስለዚህ 900 ላይ አንተ ካሰብከው ቀድሞ ይደርሳል።

ለዚህ ነው ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድለው። እንዲህ ላለ ተራ ቦንድ፣ በሁለት መጠኖች መሀል ስትሠራ የምታገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የሰላማዊትም ይበልጣል። እውነተኛው 11.757 ገደማ ነው፤ የሷ ሳይጠጋጋ 11.762 ነው። በአንድ በመቶ ልዩነት ስትሠራ የምትሳሳተው ይህን ያህል ነው፤ በስምንት በመቶ ልዩነት ስትሠራ ግን 0.4 በመቶ ተሳሳትክ። ለአንድ ተማሪ ትንሽ ትመስላለች። ብዙ ሚሊዮን ብር ቦንድ ለሚገዛ ባንክ ግን 900 የሚባለውን 886 ብሎ መገመት ነው።

ናሆም_መ

አሁን ገባኝ። እና ሰፊ ክፍተት ይዤ ከጀመርኩ ሁሉንም መሰረዝ አለብኝ?

አያልነህ_ትሬዠሪ

የለብህም። 12.16 ላይ ዋጋው 886.54 መሆኑን አይተናል። ከ900 ስለሚያንስ 16ን ጣለውና በቦታው 12.16ን አስገባ። አሁን ክፍተትህ ከ8 እስከ 12.16 ነው። እንደገና ብትሠራ 11.8 ገደማ ይመጣል። አንድ ዙር ብቻ ብዙ አቀረበህ። አንድ ችግር ግን አለ። ሰንጠረዡ ላይ 12.16 የሚባል ዓምድ የለም። ስለዚህ 1.1216ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ይኖርብሃል። ፈተና ላይ በሙሉ ቁጥር ወርደህ 11 እና 12ን መያዝ ይቀልልሃል።

እትዬ_በላይነሽ

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ የግድቡን ቦንድ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ስለ ቦንድ ስታወሩ አይቼ ነው የገባሁት። የኔስ ይልድ ስንት ሆነ? ወረቀቱ ላይ ያለው ወለድ ነው ወይስ እናንተ እንደምትሉት ሌላ ተጨማሪ ነገር አለው?

ትርሲት_ኦዲተር

እትዬ በላይነሽ፣ እንኳን ደህና መጡ። የእርስዎ ቀላል ነው። ቦንዱን የገዙት ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። 10,000 የሚል ወረቀት በ10,000 ብር ነው የገዙት። እስከ መክፈያው ቀን ከያዙት የሚያገኙት እዚያው የተጻፈው ወለድ ነው። ተጨማሪ የለውም፣ የጎደለም የለውም። እነሱ የሚጨነቁት 1,000 የሚል ወረቀት በ900 ሲገዛ ነው።

ሰላማዊት፣ ይሄ ላንቺም ይጠቅምሻል። ያንቺን ቦንድ በ9 በመቶ ብትሞክሪው ልክ 1,000 ብር ይመጣል፤ ሳትሠሪው መናገር ትችያለሽ። ዋጋው ከ1,000 በታች ከሆነ ይልዱ ከ9 በላይ መሆን አለበት። ከ1,000 በላይ ከሆነ ከ9 በታች። እኔ አንድ ሰሞን የተማሪ ወረቀት አርም ነበር። ቦንዱ በቅናሽ እየተሸጠ 7 በመቶ እና 8 በመቶ ሲሞክር የሚውል ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

ሌላው ደጋግሞ ያየሁት ነገር ክፍልፋዩን ከተሳሳተው ጫፍ መቁጠር ነው። 0.76ን 11 ላይ መጨመር ሲገባ ከ12 ላይ ይቀንሱትና 11.24 ይጽፋሉ። ይህን ለመያዝ ካልኩሌተር አያስፈልግም። 900 ለማን ይቀርባል? ለ891.86 ነው ወይስ ለ926.08? ለ891.86 ነው። እሱ ደግሞ የ12 በመቶ ዋጋ ነው። ስለዚህ መልሱ ለ12 መቅረብ አለበት። 11.24 ለ11 ስለሚቀርብ ገና ሲታይ ልክ አይደለም።

ጌች_ሒሳብ

እሺ፣ የኔ አቋራጭ መነሻ ይሁን። ግን ለምን የግድ በመሀል? እኔ 9ን አውቀዋለሁ፣ 1,000 ነው። 10ን ብሞክር 962.09። በአንድ በመቶ 37.91 ወረደ። ከ1,000 ወደ 900 ለመውረድ 100 ያስፈልጋል። 100 ለ37.91 ሲካፈል 2.64። 9 ሲደመር 2.64፣ 11.64 በመቶ። የሞከርኩት አንድ መጠን ብቻ ነው፤ ያውም ከናሆም የተሻለ ቀርቤአለሁ።

አያልነህ_ትሬዠሪ

ጌች፣ በዚህ ቦንድ ከናሆም ቀርበሃል፣ እውነት ነው። ግን ያደረግከው ከሁለቱ ነጥቦች ውጭ መስመሩን ማስረዘም ነው። የ9 እና የ10 ፍጥነት እስከ 12 ድረስ ይቀጥላል ብለህ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ እየቀነሰ እንደሚሄድ አይተናል። ስለዚህ ስህተትህ ወደ ታች አጋደለ፤ 11.757 የነበረው 11.64 ሆነ። ደግሞም በመሀል ስትሠራ እውነተኛው መልስ ከሁለቱ ቁጥሮች እንደማይወጣ ታውቃለህ። ከውጭ ስትሠራ ያ ዋስትና የለህም። የቦንዱ ዕድሜ 20 ዓመት ቢሆን ስህተቱ በጣም ይሰፋብህ ነበር።

ዳኒ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይቅርታ፣ ውይይቱን ወደ እውነተኛ ገበያ ልውሰደው። የኢትዮጵያን ዩሮቦንድ ስከታተል ኖሬአለሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 የወጣው የ1 ቢሊዮን ዶላሩ ነው። ወለዱ 6.625 በመቶ፣ መክፈያው ዲሴምበር 11 ቀን 2024። ወለዱ በዓመት ሁለቴ፣ በጁንና በዲሴምበር ነው የሚከፈለው። በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላሩ ወለድ ሳይከፈል ቀረ። በዚያ ሰሞን ይልዱ ከ40 በመቶ በላይ ሊደርስ እንደሚችል ስነግራቸው ጓደኞቼ «ታዲያ ለምን ሁሉም አይገዛውም?» ይሉኝ ነበር። በናንተ ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞከርኩት።

ያልተከፈለውን ወለድ ልተወውና ዋጋው ከ100 ዶላር 70 ነው ልበል፤ 70 ለስሌቱ የወሰድኩት ቁጥር ነው። ሁለት ክፍያ ቀርቶታል። በስድስት ወር 3.3125፣ በዓመቱ 103.3125። በስድስት ወር 20 በመቶ ብሞክር 74.51 ይመጣል። በ25 በመቶ 68.77። ክፍተቱ 5.74 ነው፤ የምፈልገው 4.51 እንዲወርድ ነው። ሲሰላ 23.93 በመቶ በስድስት ወር። በሁለት ሳባዛው 47.9። ልክ ነኝ?

አያልነህ_ትሬዠሪ

ዘዴው ልክ ነው። አምስት በመቶ ክፍተት ስለያዝክ እዚህም ትንሽ ከፍ ብሏል። እውነተኛው በስድስት ወር 23.88 ገደማ ነው፤ በዓመት 47.8 ገደማ ማለት ነው። ወለዱን በግማሽ ማድረግህና ጊዜውን በስድስት ወር መቁጠርህ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ወለዱን በግማሽ ያደርግና መጠኑን በዓመት ይተወዋል፤ ከዚያ ዋጋው ለምን አልገጥም አለ ብሎ ይደክማል።

አንድ ነገር ግን ጨምር። አንተ ልክ በወለድ ቀን ላይ ቆመህ ነው የሠራኸው። በሁለት የወለድ ቀኖች መሀል ከሆንክ ስክሪን ላይ የምታየው ዋጋ የተጠራቀመውን ወለድ አይጨምርም። ገዢው ግን ይከፍለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ዋጋው ላይ ትደምራለህ፤ የመጀመሪያውን ጊዜም ሙሉ ስድስት ወር ሳይሆን የቀረውን ክፍልፋይ አድርገህ ትቆጥራለህ።

ጓደኞችህ ለጠየቁት ደግሞ መልሱ እዚያው ስሌቱ ውስጥ አለ። በጁን 3.3125 ይመጣል፣ በዲሴምበር 103.3125 ይመጣል ብለህ ነው የጻፍከው። ገበያው ግን ይመጣል ብሎ አላመነም። ዋጋው የወረደው ለዚያ ነው። የምናሰላው ይልድ ተስፋ የተሰጠው ክፍያ በሙሉ በቀኑ ከመጣ የሚገኘውን ነው። የዲሴምበር 2024ቱ ዋና ገንዘብ ደግሞ በቀኑ አልተከፈለም። በ70 ገዝቶ 47 በመቶን የጠበቀ ሰው በዚያ ዓመት አላገኘውም።

ትርሲት_ኦዲተር

ዳኒ፣ እኔ በሁለት ማባዛቱን አልስማማበትም። በስድስት ወር 23.88 ካገኘህ የመጀመሪያው ስድስት ወር ትርፍ በሁለተኛው ላይ ሌላ ትርፍ ይወልዳል። 1.2388 በራሱ ሲባዛ 1.5346 ነው። ስለዚህ የዓመቱ 53.5 በመቶ ነው። በ47.8 እና በ53.5 መሀል ያለው ልዩነት በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ዳኒ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ትርሲት፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። ግን እዚህ አሜሪካ ያለው ገበያ የሚጠቅሰው በሁለት ተባዝቶ ነው። የአንዱን ቦንድ በአንድ መንገድ፣ የሌላውን በሌላ መንገድ ካሰላሁ ማወዳደር አልችልም።

ትርሲት_ኦዲተር

ማወዳደሩ ይገባኛል። ግን ወለዱን በዓመት አንዴ የሚከፍል ቦንድ፣ እንደ ሰላማዊት ያለውን፣ ከዩሮቦንዱ ጎን ስታስቀምጥስ? ያኔ በሁለት የተባዛው ነው የሚያሳስተው።

ደግሞ ሌላ ያልተነካ ነገር አለ። ሰላማዊት 11.76 አገኘሁ ስትል፣ በየዓመቱ የሚደርሳትን 90 ብርም በ11.76 መልሳ ካስቀመጠች ነው። ያኔ 900 ብሯ በ5 ዓመት ወደ 1,569 ያድጋል። ወለዱን እየተቀበለች እቤት ብታስቀምጠው ግን በመጨረሻ በእጇ ያለው 1,450 ብር ነው። 900ው 1,450 ከሆነ የዓመቱ እድገት 10 በመቶ ገደማ ነው።

ጌች_ሒሳብ

10 በመቶ! 90ን ለ900 ስታካፍዪው የሚመጣውም 10 ነው እኮ።

አያልነህ_ትሬዠሪ

ጌች፣ የሁለቱ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። በሌላ ቦንድ ሞክረው፣ ይለያያሉ። 90 ለ900 የሚለው የ100 ብሩን ትርፍ ጨርሶ አይቆጥርም።

ትርሲት፣ እዚህ ላይ ግን እለያለሁ። ይልዱን ለማግኘት ወለዱ የት እንደሚቀመጥ የትም አላስገባንም። 90ውን ተቀብላ ብትበላውም ዋጋው 900 የሚሆነው በ11.757 ነው። ዳግም ማስቀመጥ የሚያስፈልገው በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ስንት ብር ይኖረኛል ለሚል ጥያቄ ነው። ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

ትርሲት_ኦዲተር

ቦንድ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ግን እሱን ነው፣ ጋሽ አያልነህ። ይልድ 11.76 ነው የተባለ ሰው ገንዘቤ በዓመት 11.76 ያድጋል ብሎ ነው የሚሰማው። እኔ ለደንበኞቼ ሁለቱንም ቁጥር ነው የምጽፈው።

ሰላማዊት_ፋይናንስ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ፈተና ላይ ወለዱ በዓመት ሁለቴ የሚከፈል ቢመጣ 47.8 ዓይነቱን ነው የምጽፈው ወይስ 53.5 ዓይነቱን? ደግሞ እቤት በኮምፒውተር ማረጋገጥ ብፈልግ በምን ላረጋግጥ?

አያልነህ_ትሬዠሪ

ኤክሴል ላይ ይህን ጻፊ፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ እንዲያሳይ ካደረግሽው 11.757 በመቶ ይሰጥሻል፣ አለዚያ አጠጋግቶ 12 በመቶ ሊያሳይሽ ይችላል። ዋጋው ከእጅሽ ስለሚወጣ በመቀነስ ምልክት ነው የሚገባው። ምልክቱን ከረሳሽው ወይ ስህተት ያወጣል ወይ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጥሻል።

```
=RATE(5,90,-900,1000)
```

ለፈተናው ደግሞ መምህርሽን ጠይቂ፤ እኔ ብሆን በሁለት ተባዝቶ ነው የምጽፈው። ጥያቄው «ውጤታማ ዓመታዊ» ካለ ግን የትርሲትን።

ትርሲት_ኦዲተር

ምንም ባይል እንኳ የስድስት ወሩን መጠን ለብቻው አስምሪበት። እሱ ላይ ሁለታችንም አንለያይም፤ የሚያርመውም ሰው ከየት እንደመጣሽ ያያል።

ናሆም_መ

እኔ የ20 ዓመቱን በጌች መንገድ እየሠራሁ ነው። 9 በመቶ ወለድ፣ 20 ዓመት፣ ዋጋው 800። ከ9 እና ከ10 አስረዝሜ ካየሁት በኋላ በ11 እና በ12 መሀል አወዳድሬ እለጥፋለሁ።